ጨፌው ለቤት ቅርብ ነበር

አባዬ የወደቀው ነሐሴ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጠዋት፣ በጎቹን ከበረት ሲያስወጣ ነው። ስትሮክ ነበር። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አሉት። ምላሱም ተያዘ። እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን የሂሳብ አያያዝ እማር ነበር። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን አስታምሜው፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ወደ መንዝ ይዤው ገባሁ።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ታናሽ ወንድሜ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ይውላል። ስለዚህ በጎቹ የእኔ ሆኑ። ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም። ጠዋት ጠዋት ይጮሃሉ፣ የሚከፍትላቸው ሰው ያስፈልጋል፣ በቃ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ዓመት ዘጠኝ በግ ስለገደልኩ ነው። በሽታ ነው የገደላቸው የሚል አይጠፋም፣ እውነትም ነው። ግን በሽታው ያለበት ቦታ ድረስ እየነዳሁ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። እንደ እኔ ድንገት መንጋ እጁ ላይ የወደቀበት ሰው ካለ፣ ቢያንስ በዚህኛው መንገድ እንዳይከስር ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት መቁጠር ነው፤ የተማርኩት እሱን ነው። አርባ ሦስት ነበሩ። ሃያ አራት እናት በግ፣ አንድ አውራ፣ የቀሩት ጠቦትና ግልገል። ደብተር ገዛሁና መስመር አሰመርኩ። ግን የአባዬ ሂሳብ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር። የቷ መቼ እንደወለደች፣ የቷ ወተት እንደሌላት፣ የትኛው ጠቦት የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በጎቹን አንድ በአንድ በር ላይ እያመጣሁ ሳሳየው ያውቃቸዋል። ዓይኑ ይበራል፣ አፉ ይከፈታል፣ ቃሉ ግን አይወጣም። ይበሳጫል። አንዳንዴ ያለቅሳል። እኔም ድካሙን ላለማብዛት መጠየቁን ተውኩት። ዛሬ ቢሆን አልተውም ነበር። "አዎ" እና "አይ" በራስ ንቅናቄ ለሚመልስ ሰው ጥያቄውን ራስሽ አሳጥረሽ ማቅረብ ነው እንጂ ዝም ማለት መፍትሔ አይደለም።

ከቤታችን በታች ጨፌ አለ። ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል፣ መስከረም ላይ ውሃው ሸሸት ሲል ሳሩ ለምለም ይሆናል። አባዬ በጎቹን እዚያ አያሰማራም ነበር። በየቀኑ አቀበቱን አልፎ ድንጋያማው ዳገት ላይ ይወስዳቸዋል። ልጅ ሆኜ "እዚህ ሳር እያለ ምን አደከመህ?" እለው ነበር። "ጨፌ የከብት ነው" ይለኛል። ሌላ ማብራሪያ የለም። እኔም የሽማግሌ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ ነኝ እረኛዋ። ዳገቱ ላይ ከወጣሁ አባዬን የሚያገላብጠው ሰው የለም። በሁለት ሰዓት አንዴ ጎኑን ካላዞርነው ጀርባው ይቆስላል ብለውናል፣ እማዬ ደግሞ ብቻዋን አትችለውም። ጨፌው ላይ ከሆንኩ ግን እማዬ ስትጣራ ይሰማኛል። ስለዚህ ከመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ጀምሮ በጎቹን ጨፌው ላይ አዋልኳቸው። ወፈሩ። ጎረቤት ሁሉ አደነቀኝ። እኔም ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

ኅዳር 4 ጠዋት በረቱን ስከፍት አንዲት ዳለቻ እናት በግ ሞታ አገኘኋት። ማታ በደህና የገባች ናት። አልከሳችም፣ አላሳላትም፣ አላስቀመጣትም። ኅዳር 7 ሁለተኛዋ ሞተች። ኅዳር 9 ሦስተኛው። ሁሉም ጥሩ ሥጋ ያላቸው ነበሩ። አንዲት ጎረቤታችን "ዓይን ነው፣ ልጄ። ሴት ልጅ መንጋ ስትነዳ ሰው አየ" አሉኝ። ሌላው "የበረዶ ሳር በልተው ነው" አሉ። ሁሉም የየራሱ በሽታ አለው።

ገበያ ወርጄ መድኃኒት ከሚሸጥ ሰው ለበግ የሚሆን የትል ክኒን ገዛሁ። አልቤንዳዞል ነው፤ በእኛ አገር በግ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ሻጩ ምን እንደሆኑ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ኅዳር 11 ለሁሉም ሰጠኋቸው። ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ኅዳር 14 አንድ ሞተ። ኅዳር 16 ሁለት በአንድ ሌሊት። ኅዳር 19 ሰባተኛዋ ስትሞት ወንድሜን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ቀበሌው ወዳለው የእንስሳት ጤና ኬላ ላክሁት። ያን መጀመሪያ ማድረግ ነበረብኝ። የሁለት ሰዓት መንገድ አስፈርቶኝ ሰባት በግ ሞተ።

ሐኪሙ እንደመጣ በጓን ከመንካቱ በፊት አፍንጫዋን፣ አፏንና ፊንጢጣዋን አየ። ደም ፈልጎ ነው። በድንገት የሞተ እንስሳ ከነዚህ ቦታዎች ደም ካፈሰሰ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ አይበላም። ሰውን ይገድላል። ይህን ስሰማ ላቤ መጣ፤ የመጀመሪያዋን በግ ቆዳዋን የገፈፍነው እኔና ወንድሜ ነበርን።

የእኛ በግ ደም አልነበረባትም። ከፈታት። ሆዷ ውስጥ ደም የቀላቀለ ውሃ ሞልቶ ነበር። ጉበቷ አብጦ፣ እዚህም እዚያም የረጋ ደም ይዞ፣ በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈርሳል። ሐኪሙ ቆረጠና በውሃ አጠበው፣ ጨመቅ አደረገው። ጥቃቅን፣ ቀጫጭን፣ ግራጫ ነገሮች ወጡ። አንዳንዶቹ ይንቀሳቀሳሉ።

"የጉበት ትል ነው" አለ።

አላመንኩትም። የጉበት ትል አውቃለሁ፤ ለበዓል ሲታረድ ጉበት ውስጥ የሚገኘው፣ ሰፋ ያለ የቅጠል ቅርጽ ያለው ነው። ደግሞ የጉበት ትል ያለባት በግ ትከሳለች፣ መንጋጭላዋ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል። የእኔዎቹ ወፍራም ናቸው። "ክኒንም ሰጥቻቸዋለሁ" አልኩት።

"መቼ ነው ጨፌው ላይ ያሰማራሻቸው?" አለኝ።

ከዚያ ደብተሬን አወጣሁና አብረን ቆጠርን። ነገሩ ሁሉ የገባኝ ያኔ ነው።

ትሉ ጉበት ውስጥ እንቁላል ይጥላል፣ እንቁላሉ ከበጠጡ ጋር ይወጣል። እርጥብ ቦታ ላይ ከወደቀ ይፈለፈላል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። ትልቋ ቀንድ አውጣ አይደለችም፤ ከገብስ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጠቆር ያለች ናት። ሐኪሙ ጨፌው ዳር ወስዶ አሳየኝ፤ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ባቆረው ጭቃ ላይ ተለጥፋለች። ስንት ዓመት እዚያ ውሃ ስቀዳ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ትሉ እሷ ውስጥ ይራባል፣ አንዱ ብዙ ይሆናል። ክረምቱ ሲያልቅ ይወጣና ሳሩ ላይ ይለጠፋል። በዓይን አይታይም። በግ ሳሩን ስትበላ አብራ ትውጠዋለች።

ትንሹ ትል በግ ሆድ ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ ጉበት ይዘልቅና ሥጋውን እየበሳ ይጓዛል። ይህ ጉዞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ጥቂት ከሆኑ በጓ ትችለዋለች። ትሎቹ ወደ ሐሞት ቱቦው ይገቡና እዚያ ያድጋሉ፤ ክሳቱና የመንጋጭላው እብጠት የሚመጣው ያኔ ነው፣ ከወራት በኋላ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከዋጠች ግን ጉበቷ ሳትከሳ በፊት ይፈርሳል፣ ወደ ውስጥ ደምታ ትሞታለች። በጎቼ ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ ነው ጨፌውን የጋጡት። ኅዳር 4 ስምንት ሳምንት ነው። ቀኑን ጠብቆ ነው የመጣው።

ክኒኑስ? አልቤንዳዞል ክፉ መድኃኒት አይደለም። ግን የጉበት ትልን የሚገድለው ካደገ በኋላ ነው፣ ወደ ሦስት ወር ሲጠጋው። ጉበት እየበሳ ያለውን ትንሹን አይነካውም። እኔ የሰጠሁት ትሎቹ ሕፃናት ሳሉ ነበር። ሕፃኑንም አዋቂውንም የሚገድለው ትራይክላቤንዳዞል የሚባለው ነው። ስሙ አፍ ያስራል። ዋጋውም ይበልጣል። ሁለቱም "የትል ክኒን" ናቸው፤ ሻጭ ዘንድ ሄዶ "የትል ክኒን" ማለት ብቻ የማይበቃው ለዚህ ነው። ወሩን፣ የት ሲግጡ እንደከረሙና ሞቱ በክሳት ይሁን በድንገት ንገሩት።

ኅዳር 21 ሠላሳ ስድስቱን አንድ በአንድ በማንጠልጠያ ሚዛን መዘንን። ልኩ ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊግራም ነው። የያዝነው ክኒን 250 ሚሊግራም ስለሆነ አንዱ ለ25 ኪሎ በግ ይበቃል። የመንዝ በግ ትንሽ ናት፤ አብዛኞቹ እናቶች እዚያው አካባቢ ናቸው። ከዚያ በላይ ለሆኑት ሩብ ጨመርን፣ ለግልገሎቹ ግማሽ። በዓይን ሲገመት ሰው ወደ ታች ነው የሚሳሳተው። መጠኑ ካነሰ ደግሞ ያልሞተው ትል መድኃኒቱን ይለምደዋል።

አሰጣጡም ዘዴ አለው። በጓን ግድግዳ አስደግፎ በሁለት ጉልበት መሐል መያዝ፣ ጥርስ በሌለበት በአፏ ጎን ጣት አስገብቶ ማስከፈት፣ ክኒኑን ምላሷ ላይ ወደ ኋላ አርቆ ማስቀመጥና እስክትውጥ መጠበቅ ነው። አገጯን ወደ ሰማይ ማንሳት አይገባም፤ አንገቷ ቀጥ ካለ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ኅዳር 11 ቀን እኔ ሁሉንም ሽቅብ አንጋጥጬ ነበር የሰጠኋቸው። በዚያ አለመሞታቸው ዕድል ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሞቱ። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ መድኃኒቱ ትሉን እንጂ የተበላውን ጉበት አይመልስም። የትኞቹ እንደሚያሰጉ የለየነው የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠን ነው። ጤነኛዋ በግ ውስጡ ቀይ ነው። የሁለቱ ግን እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ነጥቶ ነበር። ይህን ፍተሻ ዛሬም በየአሥራ አምስት ቀኑ አደርገዋለሁ። ሌላ በሽታም ደም ያሳንሳል፣ ስለዚህ የነጣ ዓይን "የጉበት ትል ነው" አይልም። "ሐኪም ጥሪ" ይላል።

አንድ ሌላ ዋጋም ከፈልኩ። መድኃኒት የወሰደ በግ ሥጋው እስኪጠራ ለእርድ አይሸጥም፤ ስንት ቀን እንደሆነ ዕቃው ላይ ይጻፋል። ለገና ገበያ ያሰብኳቸው አራት ጠቦቶች ቀሩ። የአባዬን የደም ግፊት መድኃኒት መግዣ ከእነሱ ነበር የጠበቅኩት። ተበደርኩ። "ማን ያውቅብሻል?" ያሉኝ ነበሩ። ማንም አያውቅም ነበር፣ እውነት ነው።

በጎቹን ወደ ዳገቱ መለስኳቸው። አባዬን ለማገላበጥ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተስማማን፤ እኔ የሷን በጎች ከእኛ ጋር አብሬ አሰማራለሁ፣ እሷ እኔ እስክመለስ እማዬን ታግዛለች። መስከረም ላይ ይህን ማሰብ ምን ከልክሎኝ እንደነበር አላውቅም።

ጥር ላይ ብድሩ አስጨነቀኝ። አንድ ነጋዴ ቤት ድረስ መጣና መሐል ግንባሩ ነጭ የሆነውን ቦቃውን ጠቦት መረጠ። ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ከእኩዮቹ ሁሉ ይበልጣል። ወገቡን ዳብሶ 2,300 ብር አለኝ። ሳሎን በር ላይ የተቀመጠው አባዬ በግራ እጁ ዱላውን መሬት ላይ ይመታ ጀመር። ድምፅ አወጣ። ዋጋው አንሶት መሰለኝ። "ተው አባዬ፣ ጥሩ ዋጋ ነው" አልኩትና ሸጥኩ።

ጎረቤታችን ጋሼ ማታ ቡና ሊጠጡ መጥተው ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አባትሽ ለዘር ያስቀመጠውን ሸጥሽው" አሉኝ። የቀድሞው አውራ ኅዳር ላይ ከሞቱት አንዱ ነበር። በረት ውስጥ የቀረው ዘግይቶ የተወለደ፣ ገበያ ያልፈለገው ጠቦት ነው። እናቶቹን ያጠቃው እሱ ሆነ። በግ አምስት ወር ነው የምታረግዘው፤ ከዚያ የተወለዱትን በስድስት ወራቸው ስመዝናቸው አብዛኞቹ አሥራ አንድ ኪሎ ገደማ ነበሩ። ከእነሱ በፊት የመዘንኳቸው የቦቃው እኩዮች በዚያ ዕድሜ ወደ አሥራ አራት ይጠጉ ነበር። ሁሉንም በአባታቸው ላይ አልጭነውም፤ እናቶቹም ጉበታቸው ተጎድቶ ወተት አንሷቸው ነበር። ግን ገንዘብ ሲቸግር ገዢ የሚያነሳው ሁልጊዜ ፈጥኖ ያደገውን ነው። የቀረው አባት ይሆናል። በየዓመቱ ይህ ከተደጋገመ መንጋው እያነሰ ይሄዳል፣ ማንም ልብ ሳይለው።

በእኛ አካባቢ ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር የሚሠሩ የዝርያ ማሻሻያ ማኅበራት አሉ። ጠቦቶች ይመዘናሉ፣ የተሻሉት ለአውራነት ተመርጠው በአባላት መካከል በተራ ያገለግላሉ፣ የቀሩት ይሸጣሉ ወይ ይኮላሻሉ። እኔ አባል የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማኅበር በሌለበትም ቢሆን አንዱን፣ ትልቁን፣ ከገዢ ዓይን ደብቆ ማቆየት ይቻላል። የሚቀጥለው የሚሸጠው ከሱ በታች ያለው ነው። እኔ ዘንድ አሁን ነጋዴ ሲመጣ አውራው ጎረቤት ቤት ይውላል።

የጉበት ትሉን ነገር አሁን በደብተር ነው የምመራው። ኅዳር ላይ ጠንካራውን፣ ትራይክላቤንዳዞሉን እሰጣለሁ፤ ትሉ ሕፃን የሚሆንበት ወር ነውና። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሳይገባ ደግሞ ርካሹን አልቤንዳዞል እሰጣለሁ። ያኔ በሆዳቸው ያለው ትል አዋቂ ስለሆነ ይሠራል፣ እንቁላሉም ክረምቱን ጨፌው ላይ አይወርድም። ገና ያረገዙትን ግን አልፋቸዋለሁ። አልቤንዳዞል በእርግዝናው የመጀመሪያ ወር ፅንሱን ይጎዳል፣ ስለዚህ አውራው መቼ እንደወጣባቸው የሚጻፍበት ገጽ አለኝ። ይህ የእኛ ቦታ ቀመር ነው። ክረምቱ የሚረዝምበት ወይ ውሃ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ወሩን ይቁጠር።

ጨፌውን አልተውነውም። ጥቅምት ላይ ሳሩን እናጭዳለን። አባዬ ዛሬ በዱላ ይራመዳል፣ አሥር አሥራ አምስት ቃል ይናገራል። ማጨድ በጀመርንበት ዓመት ሳሩን ባጨድን በሦስተኛው ቀን ለበጎቹ ልሰጥ ስል መንገዴ ላይ ቆመ። "መጋቢት" አለ። ሌላ አልጨመረም። በዚህ ጊዜ ግን ተቀምጬ ጠየቅኩት፤ አጫጭር ጥያቄ፣ አዎ ወይ አይ። እርጥቡ ይገድላቸዋል? አዎ። ፀሐይ ላይ ደርቆ ከተከመረ በኋላስ? ግራ እጁን ወዲያና ወዲህ አደረገ። ወራት ሲቆይ ነው ደህና የሚሆነው? አዎ። ሐኪሙን ስጠይቀው እውነቱን ነው አለኝ፤ ሳሩ ላይ የተለጠፈው ነገር እርጥበት ካገኘ ይቆያል፣ በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ላይ ግን በጊዜ ብዛት ይሞታል።

ስለዚህ ክምሩ መጋቢት ሳይገባ አይከፈትም። እስከዚያ አባዬ ፀሐይ ስትሞቅ ወጥቶ፣ የረጠበውን በዱላው ጫፍ እየገለበጠ ያደርቃል።